ገንዘብ ያዡ ሌላ፣ ሂሳብ ያዡ ሌላ

የጋዜጣ የሥራ ማስታወቂያ ገጾችን የሚያገላብጥ ሰው የሂሳብ ሠራተኛ ቅጥር ሳያጋጥመው አይቀርም። ማስታወቂያው አጭር ነው። የሥራ መደቡ አካውንታንት፣ የትምህርት ደረጃው በአካውንቲንግና ፋይናንስ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ የሥራ ልምድ ሁለት ዓመት፣ ደመወዝ በስምምነት ይላል። «ፒችትሪ የሚችል» ወይም «ተያዥ ማቅረብ የሚችል» የሚል ሐረግ የሚጨምሩበትም አሉ። ተቀጣሪው ሥራ ሲጀምር ግን ምን እንደሚሠራ፣ ምን መንካት እንደማይገባውና ተጠሪነቱ ለማን እንደሆነ የተጻፈበት ወረቀት አያገኝም። ሥራውን የሚነግረው ከእሱ በፊት የነበረው ሰው ጠረጴዛ ላይ የተቆለለው ፋይል ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል ሲደረግ የሥራው ዓይነትና ቦታ፣ እንዲሁም የደመወዙ መጠን እንዲገለጽ ያዛል። «የሥራው ዓይነት፦ አካውንታንት» ብሎ መጻፍ ለሕጉ ይበቃ ይሆናል፤ ለድርጅቱ ግን አይበቃም። የሂሳብ ሠራተኛ የሥራ መዘርዝር ከሌላው ሠራተኛ መዘርዝር የሚለየው የሚሠራውን ብቻ ሳይሆን የማይሠራውንም መናገር ስላለበት ነው። ሾፌር ምን እንደማይሠራ ባይጻፍለት ብዙ አይጎዳም። ሂሳብ ሠራተኛ ላይ ግን ይህ ሳይጻፍ ሲቀር ጉዳቱ የት ድረስ እንደሚሄድ በአንድ ምሳሌ እንየው።

ምሳሌያችን በምናብ የተፈጠረ የግንባታ ዕቃ አከፋፋይ ነው። መርካቶ ውስጥ ሱቅ፣ ቃሊቲ መጋዘን፣ ሠላሳ አምስት ሠራተኞች አሉት። ብረትና ቆርቆሮ ለሥራ ተቋራጮች በዱቤ ይሸጣል። ፋይናንስ ክፍሉ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሷም አካውንታንት ተብላ የተቀጠረች ታታሪ ወጣት ነች። ከደንበኛ ገንዘብ ትቀበላለች፣ ደረሰኝ ትቆርጣለች፣ ባንክ ታስገባለች፣ መዝገብ ላይ ታሰፍራለች፣ በወሩ መጨረሻም የባንክ ሂሳቡን ታስታርቃለች። ባለቤቱ በዚህ ይደሰታሉ። የሦስት ሰው ሥራ በአንድ ደመወዝ ይሠራላቸዋል።

ኅዳር 30 የወሩ ሂሳብ ሲዘጋ የባንኩ ስቴትመንት 612,400 ብር ያሳያል። በድርጅቱ መዝገብ ያለው ግን 548,900 ብር ነው። እዚህ ላይ የሚደነግጥ ካለ ሂሳብ ሠርቶ የማያውቅ ሰው ነው፤ ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ ቀን እኩል ሆነው መገኘታቸው እንዲያውም ብርቅ ነው። ባንክ ማስታረቅ የሚባለው ሥራ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ አንድ በአንድ ማስረዳት ነው። ለአቅራቢዎች የተጻፉ የ65,000 እና የ40,000 ብር ሁለት ቼኮች ገና አልተመነዘሩም፤ ስለዚህ ከባንኩ ቁጥር ላይ 105,000 ይቀነሳል። ደረሰኝ ተቆርጦለት ባንኩ ግን ገና ያልመዘገበው 40,000 ብር አለ፤ ይህ ይደመራል። ውጤቱ 547,400 ብር ይሆናል። በመዝገቡ በኩል ደግሞ ባንኩ ለአገልግሎት የቆረጠውና ድርጅቱ ያልመዘገበው 1,500 ብር ከ548,900 ሲነሳ ያው 547,400 ይመጣል። ሁለቱ ወገን ታረቀ። ባለቤቱ ወረቀቱን ያያሉ፣ ከታች ያለው ቁጥር እኩል ነው፣ ይፈርማሉ።

ያ 40,000 ብር ግን ታሪክ አለው። ደረሰኙ የተቆረጠው ኅዳር 12 ነው። ባንክ የገባው ታኅሣሥ 9 ነው። ከመርካቶ ሱቅ እስከ ባንኩ ቅርንጫፍ ያለውን መንገድ በሃያ ሰባት ቀን ተጓዘ ማለት ነው። በዚያ መሐል ገንዘቡ የግል ችግር መሸፈኛ ሆኖ ነበር፤ ታኅሣሥ 9 ባንክ የገባውም የመጀመሪያው ደንበኛ ገንዘብ አይደለም፤ ሁለተኛ ተቋራጭ በዚያ ሰሞን የከፈለው ነው። የሁለተኛው ሰው ዕዳ ደግሞ በሦስተኛው ይሸፈናል። መዝገቡ ሁልጊዜ የታረቀ ነው፤ ጉድጓዱ ግን ከአንዱ ደንበኛ ወደ ሌላው እየዞረ፣ አንዳንዴም እየሰፋ ይኖራል።

እንዲህ ያለው ነገር የሚታወቀው በሁለት ምልክት ነው። አንደኛው ደረሰኝ በተቆረጠበት ቀንና ገንዘቡ ባንክ በገባበት ቀን መካከል ያለው ርቀት ነው። በቀን የተሰበሰበ ገንዘብ በዕለቱ፣ ቢዘገይ በማግስቱ ባንክ መግባት አለበት። ከማስታረቂያው ላይ የመጨረሻውን ድምር ከማየት ይልቅ «በመንገድ ላይ» የተባለው ገንዘብ ስንት ቀን መንገድ ላይ እንደቆየ መጠየቅ ይሻላል። ሁለተኛው ምልክት ዓመት ፈቃድ የማይወስድ ሠራተኛ ነው። በብዙ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለው ሰው እንደ ትጉህ ይመሰገናል። ገንዘብ በሚነካ መደብ ላይ ግን ፈቃድ አለመውሰድ መመርመር ያለበት ነገር ነው፤ ዑደቱ እንዲቀጥል ሰውዬው በየቀኑ ወንበሩ ላይ መገኘት አለበትና። ጥሩ መዘርዝር «በዓመት ቢያንስ አሥር ተከታታይ የሥራ ቀን ፈቃድ ይወጣል፤ በዚያን ጊዜ ሥራውን ሌላ ሰው ይሸፍናል» የሚል መስመር አለው። ቸርነት ይመስላል እንጂ ቁጥጥር ነው።

ወጣቷ ከተፈጥሮዋ ሌባ ነበረች ማለት አይደለም። ገንዘቡን፣ ደረሰኙን፣ መዝገቡንና ማስታረቂያውን በአንድ እጅ አስቀምጦ «ሰውን አምናለሁ» ማለት ለሠራተኛዋም አደጋ ነው። ምንም ሳትነካ ገንዘብ ቢጎድል ንጹሕ መሆኗን የምታሳይበት ወረቀት የላትም።

እንግዲህ መዘርዝሩ መጀመሪያ የሚያሰፍረው ይህንን ድንበር ነው። ገንዘብ ያዡ ገንዘብ ይቀበላል፣ ደረሰኝ ይቆርጣል፣ ባንክ ያስገባል፤ ሌጀር አይነካም። ሂሳብ ሠራተኛው የደረሰኙን ቅጂና የባንኩን ማስገቢያ ይዞ ይመዘግባል፤ ጥሬ ገንዘብ አይነካም፣ ቼክ ላይ አይፈርምም። ማስታረቂያውን ሂሳብ ሠራተኛው ይሠራል፣ ስቴትመንቱን ግን የበላዩ በቀጥታ ከባንኩ ይቀበላል። «እኛ ትንሽ ነን፣ ሦስት ሰው ከየት እናምጣ?» የሚል ባለቤት ይኖራል፤ ጥያቄው ትክክል ነው። ሁለት ሰው ብቻ ካለ ባለቤቱ ሦስተኛው ሰው ይሁኑ። በወር አንድ ጊዜ ያልተከፈተ የባንክ ስቴትመንት ራሳቸው ከፍተው ያንብቡ፤ በዱቤ የገዙ አምስት ደንበኞችንም በስልክ «ስንት ቀርቶብዎታል?» ብለው ይጠይቁ። ይህ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም።

ድንበሩ ከተሰመረ በኋላ ተግባሩን መጻፍ ይቀላል። ብዙ መዘርዝሮች እዚህ ላይ «ሂሳብ ይመዘግባል፣ ሪፖርት ያዘጋጃል፣ ሌሎች የሚሰጡትን ሥራዎች ይሠራል» ብለው ያልፋሉ። ይህ አጻጻፍ ማንንም አይመራም። የሚጠቅመው ሥራውን በዕለት፣ በወርና በዓመት መክፈል ነው፤ የሂሳብ ሥራ የሚኖረው በቀን መቁጠሪያ ነውና።

የዕለቱ ሥራ ከክፍያ በፊት ሰነድ መመርመር ነው። የሲሚንቶ አቅራቢ ክፍያ ሲጠይቅ ሂሳብ ሠራተኛው ሦስት ወረቀት አጠገብ ለአጠገብ ያስቀምጣል፦ ግዥው የተፈቀደበትን ትዕዛዝ፣ የአቅራቢውን ደረሰኝ፣ ዕቃው መጋዘን መግባቱን የሚያሳየውን የገቢ ሰነድ። መንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ይህን የመጨረሻውን ሞዴል 19 እያለ ያውቀዋል። ትዕዛዙ 200 ኩንታል፣ ደረሰኙ 200 ኩንታል ብሎ የመጋዘኑ ሰነድ 180 ካለ የክፍያ ማዘዣው አይዘጋጅም። የአቅራቢው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርም ደረሰኙ ላይ ይታያል፤ ተገቢ ደረሰኝ የሌለው ወጪ ግብር ሲሰላ ተቀባይነት ያጣል፣ ድርጅቱም ባላተረፈው ትርፍ ላይ ይከፍላል።

የወሩ ሥራ ባንክ ማስታረቅ፣ ተጨማሪ እሴት ታክስ ማሳወቅና ደመወዝ መሥራት ነው። ሰው በየወሩ የሚነካው ስለሆነ በደመወዙ ላይ ትንሽ እንቆይ። ወርኃዊ ደመወዙ 12,000 ብር የሆነ ሠራተኛ አለ እንበል። በ2017 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 መሠረት የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም፤ ከዚያ በላይ ያለው ደረጃ በደረጃ ከ15 እስከ 35 በመቶ ይከፈልበታል። 12,000 ብር የሚወድቀው በ30 በመቶው እርከን ነው። ሂሳብ ሠራተኞች እርከን በእርከን ከመቁጠር በአቋራጭ ይሠሩታል፦ የ12,000 ብር 30 በመቶ 3,600፣ ከዚያ ላይ የእርከኑ ተቀናሽ 1,350 ሲነሳ ግብሩ 2,250 ብር ይሆናል። የጡረታ መዋጮ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ማለትም 840 ብር ነው። እጁ ላይ የሚደርሰው 8,910 ብር ነው። አሠሪው ደግሞ ከራሱ ኪስ 11 በመቶ፣ 1,320 ብር ጨምሮ ለጡረታ ያስገባል፤ ስለዚህ ያ ሠራተኛ ድርጅቱን የሚያስወጣው 12,000 ሳይሆን 13,320 ብር ነው። በጀት ሲሠራ ይህን የሚረሳ ሥራ አስኪያጅ ብዙ ነው፤ ማስታወሱ የሂሳብ ሠራተኛው ድርሻ ነው።

ከሠራተኛው የተቆረጠው 2,250 ብር የድርጅቱ ገንዘብ አይደለም፤ ወሩ ካለቀ በኋላ ባሉት ሠላሳ ቀናት ውስጥ ለግብር ባለሥልጣኑ መድረስ አለበት። ገንዘብ ሲያጥር ግን ብዙ ድርጅት መጀመሪያ የሚያዘገየው እሱን ነው፤ አቅራቢው ደውሎ ሲጮህ ግብሩ ዝም ይላልና። ሂሳብ ሠራተኛው መክፈል አይችልም፤ ፈራሚው እሱ አይደለም። መዘርዝሩ ላይ ሊጻፍ የሚገባው «ግብር ይከፍላል» የሚል ሳይሆን «የመክፈያው ቀን ከመድረሱ ቢያንስ አሥር ቀን አስቀድሞ የሚከፈለውን መጠን በጽሑፍ ለኃላፊው ያሳውቃል» የሚል ነው። አንድን ሰው ሥልጣን በሌለው ነገር ተጠያቂ ማድረግ መዘርዝሮች ላይ አዘውትሮ የሚታይ ጥፋት ነው።

የዓመቱ ሥራ በአብዛኛው ከሰኔ 30 በኋላ ያለው ነው። ዕቃ ይቆጠራል፣ የቋሚ ንብረት እርጅና ይሰላል፣ ትሪያል ባላንስ ይወጣል፣ ሂሳቡ ተዘጋጅቶ ለውጭ ኦዲተር ይቀርባል። የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 የሆነና መዝገብ የሚይዝ ትልቅ ግብር ከፋይ የዓመቱን ግብር የሚያሳውቀው እስከ ጥቅምት 30 ነው። በመስከረምና በጥቅምት የሂሳብ ሠራተኞች ፊት ለምን እንደሚጠቁር ከዚህ ይገባል። ዓመቱን ሙሉ በየወሩ ያስታረቀ ሰው ግን በጥቅምት ሲያመሽ አይታይም።

ወደ ተፈላጊ ችሎታ ስንመጣ ዲግሪው የመነሻ ማጣሪያ ነው። በቴክኒክና ሙያ በደረጃ 4 የተመረቀና የብቃት ምዘና ያለፈ፣ አምስት ዓመት መዝገብ የያዘ ሰው ከአዲስ ባለ ዲግሪ በተሻለ ሁኔታ ይህን የአከፋፋይ ድርጅት ሊያስተዳድር ይችላል፤ ማስታወቂያው ለሁለቱም በር ቢከፍት ጥሩ ነው። ከዚያ ከፍ ሲል የሚፈለገው ይለያያል። አዋጅ ቁጥር 847/2006 እና በእሱ መሠረት የተቋቋመው የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ድርጅቶች ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎችን እንዲከተሉ መንገድ አስይዘዋል፤ ለአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች ቀለል ያለ ደረጃ አለ። ስለዚህ ሪፖርቱን የሚያዘጋጅ ዋና ሂሳብ ሹም ይህን ደረጃ የሠራበት መሆን አለበት። ደረሰኝ ለሚመዘግብ ጀማሪ ግን ይህን መጠየቅ ማስታወቂያ ማሳመር ብቻ ነው። «ፒችትሪ የሚችል» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ፕሮግራሙን በሁለት ሳምንት መልመድ ይቻላል፣ የትኛው ሂሳብ ዴቢት የትኛው ክሬዲት እንደሚሆን የማያውቅን ሰው ግን ኮምፒውተሩ ስሕተቱን በፍጥነት እንዲሠራ ከመርዳት በቀር አይጠቅመውም።

ተያዥ መጠየቅን በተመለከተ የኔ አስተያየት ከልማዱ ይለያል። ገንዘብ ለሚነካ ገንዘብ ያዥ ተያዥ መጠየቁ ይገባኛል። ድንበሩ ተጠብቆለት ጥሬ ገንዘብ የማይነካ ሂሳብ ሠራተኛን ዋስ አምጣ ማለት ግን ድርጅቱ ድንበሩን ሊያስጠብቅ እንዳላሰበ የሚያሳብቅ ነው።

ለምርጫ ከሁሉ የሚሻለው ፈተና ወረቀት ላይ ነው። ከላይ የተሰላውን የኅዳር ማስታረቂያ የመሰለ አንድ ገጽ ስቴትመንትና አንድ ገጽ መዝገብ ሰጥቶ በአርባ ደቂቃ አስታርቅ ማለት ነው። ሁለት ወጥመድ ይቀበርበታል፤ አንድ 5,400 ብር 4,500 ተብሎ የተመዘገበ፣ አንድ ደግሞ ሃያ ቀን መንገድ ላይ የቆየ ገቢ። የመጀመሪያውን ስሕተት ልምድ ያለው ሰው በፍጥነት ያሸተዋል፤ ልዩነቱ 900 ነው፣ ሁለት አሃዞች ቦታ ሲቀያየሩ የሚመጣ ልዩነት ሁልጊዜ ለ9 ይካፈላልና። ሁለተኛውን ያስታረቀ ሳይሆን የጠየቀበት ተፈታኝ ነው መቀጠር ያለበት።

የቀረው ተጠሪነት ነው፤ በመዘርዝር ላይ አንዲት መስመር የምትይዝ፣ ግን ሌላውን ሁሉ የምታጸና ወይም የምታፈርስ። በምሳሌያችን ድርጅት ሂሳብ ሠራተኛዋ ለሽያጭ ኃላፊው ተጠሪ ብትሆን ምን ይከተላል? የሽያጭ ኃላፊው ኮሚሽን የሚያገኘው በሰኔ ሽያጭ ከሆነ ሐምሌ 3 የወጣ ዕቃ ሰኔ 28 እንደተሸጠ እንዲመዘገብ ይጠይቃል። አለቃዋ ነው፤ የሥራ ግምገማዋን የሚሞላው እሱ ነው። ስለዚህ ሂሳብ ሠራተኛ ቁጥሩ ከሚመዝነው ሰው በታች መቀመጥ የለበትም። ተጠሪነቱ ለፋይናንስ ኃላፊ፣ እሱ ከሌለ ለሥራ አስኪያጁ ነው። ገንዘብ ያዡም ለዚያው ለፋይናንስ ኃላፊ ተጠሪ ይሆናል እንጂ ለሂሳብ ሠራተኛዋ አይሆንም፤ አዛዥና ታዛዥ ከሆኑ ሁለት እጅ መሆናቸው ይቀራል። የውስጥ ኦዲተር ካለ ደግሞ ከፋይናንስ ክፍሉ ውጭ ሆኖ ለቦርዱ ነው የሚያቀርበው።

ቅርንጫፍ ላይ ጉዳዩ ትንሽ ይወሳሰባል። ድርጅቱ ሐዋሳ ቅርንጫፍ ከፍቶ ሂሳብ ሠራተኛ ቢመድብ ሰዓት መግባትና መውጣቱን፣ ፈቃዱን የሚያየው የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ነው። ሂሳቡ እንዴት እንደሚመዘገብ የሚወስነው ግን አዲስ አበባ ያለው ፋይናንስ ኃላፊ ነው። መዘርዝሩ ሁለቱን ለይቶ ካልጻፈ ሠራተኛው ቅርቡን አለቃ ይሰማል፤ ቅርቡ አለቃም የሚሰማው የራሱን ቅርንጫፍ ፍላጎት ነው። በአንድ ዐረፍተ ነገር ሊጻፍ ይችላል፦ «በአስተዳደር ለቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጁ፣ በሙያ ለዋናው መሥሪያ ቤት ፋይናንስ ኃላፊ ተጠሪ ነው፤ የአመዘጋገብ ልዩነት ሲነሳ የሙያው ኃላፊ ውሳኔ ይጸናል።» የቃል ትዕዛዝ ቢመጣበት የሚከላከልበት አንድ ዐረፍተ ነገር ደግሞ ይጨመርለታል፦ ሰነድ የሌለው ወይም ቀኑ የተለወጠ ምዝገባ እንዲያደርግ ሲታዘዝ ትዕዛዙን በጽሑፍ ይጠይቃል። በጽሑፍ የሚያዝ አለቃ ጥቂት ነው።

የሙከራ ጊዜው በአዋጁ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ በእሱ ውስጥ ሁለት ሙሉ ወር መዝጋት ይቻላል፣ ሰውየውንም ለመመዘን ይበቃል። መጀመሪያ የሚደረገው ርክክብ ነው። የመጨረሻው የታረቀ የባንክ ሂሳብ፣ የዱቤ ደንበኞች ዝርዝር ከነቀሪያቸው፣ ያልተከፈለ ግብር ካለ መጠኑ፣ በተራ ቁጥር የተቆጠሩ ያልተቆረጡ ደረሰኞች በተፈረመ ወረቀት ይሰጣሉ። የፒችትሪው እና የግብር ማሳወቂያው የይለፍ ቃል በዚያው ዕለት ይቀየራል፤ የተመዘገበውም ስልክና ኢሜይል የድርጅቱ መሆኑ ይረጋገጣል። የለቀቀው ሠራተኛ የግል ስልክ ላይ የሚላክ የማረጋገጫ ቁጥር ጥቅምት 29 ቀን ማታ ድርጅቱን በሩ ላይ የሚያቆም ነገር ነው፤ ሰውዬው ስልኩን ላያነሳ ይችላል።